የኮሌስትሮል ወለል የት ነው?

«ማርም ሲበዛ ይመራል» እየተባለ ያደገ ሰው ለሁሉም ነገር ልክ እንዳለው ያምናል። ስለዚህ ሃርት አታክ ደርሶበት ለጥቂት የተረፈ ሰው፣ ከወራት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ «ኤልዲኤልዎ 50 ደርሷል፣ በጣም ጥሩ ነው፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» ቢባል ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። 130 በዝቷል ተብሎ መድኃኒት ጀመረ፤ እሺ። 100 ሲገባ ተመሰገነ፤ እሺ። 70 ሲገባም ተመሰገነ። አሁን ደግሞ 50! መውረዱ የት ነው የሚያበቃው? ሰውነትስ ይህን ነገር ለአንዳች ጉዳይ አይፈልገውም እንዴ?

ጥያቄው የሰውየው ብቻ አይደለም። ሐኪሞቹም እርስ በርሳቸው ሲከራከሩበት ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የክርክሩን ታሪክ የተከተለ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ «ስንት ሲሆን ነው ከመጠን በላይ የሚያንሰው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው «በየትኛው መንገድ ወርዶ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ሲታከልበት ነው። እነሆ ታሪኩ።

የዳላሱ ሒሳብ

በቅድሚያ ስለ ኤልዲኤል ማንነት ሁለት ቃል። ኮሌስትሮል ቅባት ነው፣ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሁለቱ አይዋሃዱም። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው እንደ ጭነት መኪና በሚያገለግሉ ጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ነው። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ኤልዲኤል ይባላል። መኪናው ሥራውን ጨርሶ ወደ ጉበት ካልተመለሰና በደም ውስጥ ሲዞር ከከረመ፣ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ጭነቱን ያራግፋል። ይህ ክምችት አንድ ቀን ሲፈነዳና ደም ሲረጋበት፣ ልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ይባላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ዳላስ ከተማ፣ በልጅነታቸው ሃርት አታክ የሚደርስባቸውን ሕፃናት ያጠኑ ነበር። የእነዚህ ልጆች ኤልዲኤል ከጤነኛ ሰው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ከቆዳ የተወሰዱ ሕዋሳትን ላብራቶሪ ውስጥ እያሳደጉ ሲያጠኑ ምክንያቱን አገኙት። ጤነኛ ሕዋስ ኤልዲኤልን ከደም እየያዘ የሚያስገባበት በር አለው፤ እነዚህ ልጆች በሩ የላቸውም። መኪናው ይዞራል፣ የሚያስገባው ግን የለም። ግኝቱ በ1985 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ከሽልማቱ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ሒሳብ ነው። በሩ ምን ያህል ኤልዲኤል ሲኖር እንደሚጠግብ ለክተው፣ ለሰውነት ሕዋሳት የሚያስፈልጋቸውን ኮሌስትሮል ለማድረስ 25 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ይበቃል ብለው ጻፉ። (ከዚህ በታች ያሉት የኤልዲኤል ቁጥሮች ሁሉ በዚሁ መለኪያ ናቸው።) በምዕራቡ ዓለም የተለመደው መጠን የዚያ አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሲለካ ደግሞ ኤልዲኤሉ 30 አካባቢ ነው፤ ሕፃን ማለት ደግሞ አንጎሉንና አካሉን በጥድፊያ የሚገነባ ፍጡር ነው። አንጎልም ቢሆን ኮሌስትሮሉን ከደም አይለምንም፤ ለራሱ ራሱ ይሠራል።

በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ግን በሒሳብ ተማምኖ ለሚሊዮኖች መድኃኒት የሚሰጥ የለም፤ ደግሞም በዚያው ዘመን የሚያስፈራ ነገር ሞልቶ ነበር።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ፍርሃቱ ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። በ1978 በዓለም ጤና ድርጅት ስም የተካሄደ ትልቅ ጥናት ውጤት ታወቀ። ክሎፋይብሬት የተባለው መድኃኒት ኮሌስትሮልን ቀንሷል፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ግን በጠቅላላ ሲቆጠር ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ሞተዋል። በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከሻጋታ ያወጣው የመጀመሪያው ስታቲን፣ በጣም ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ውሾች ላይ ዕጢ ሳያመጣ አልቀረም ተብሎ ሙከራው ተቋረጠ።

በዚህ ላይ የሕዝብ ጥናቶች ተጨመሩ። ብዙ ሺህ ሰዎች ደማቸው ተለክቶ ለዓመታት ሲከታተሏቸው፣ ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች በካንሰር፣ በጉበት በሽታ፣ ራሳቸውን በማጥፋት ጭምር በርከት ብለው የሞቱባቸው ጥናቶች ወጡ። በ1989 ከ350 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከ160 በታች ከሆኑት መካከል ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ እንደሚበልጥ አሳየ።

ታዲያ ይኼን ያነበበ ሰው «ኮሌስትሮል ማነስ ይገድላል» ቢል ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን እናስብ። ካንሰር የያዘው ሰው ምግብ ይጠላል፣ ይከሳል፤ ዕጢውም ኮሌስትሮል ይበላል። ጉበቱ የተጎዳ ሰው እንክብሎቹን የሚሠራበት ፋብሪካ ተበላሽቷል። በጭንቀት የወደቀ ሰው ይጾማል። የእነዚህ ሰዎች ኮሌስትሮል የወረደው በሽታው ስለጀመረ ነው፤ ምናልባትም በሽታው ከመታወቁ ከዓመታት በፊት። ከሩቅ ስናይ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጥብናል። ጭሱን አይተን ጭሱ እሳቱን አነደደው እንደማለት ነው። መለያ ዘዴው ቀላል ነው፤ ጥናቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት የሞቱትን ከሒሳቡ ማውጣት። ይህ ሲደረግ የካንሰሩ ጉዳይ በአብዛኛው እየደበዘዘ ይሄዳል። የአንጎል ደም መፍሰሱ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተነነም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ

ፍርሃቱን በቀጥታ የተጋፈጠው በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያውያን ጥናት ነው። የልብ ሕመም ያለባቸው 4444 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ሲምቫስታቲን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለው ክኒን ወሰደ። ከአምስት ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው በኋላ፣ መድኃኒት ካልወሰዱት 256፣ ከወሰዱት ደግሞ 182 ሰዎች ሞተው ተገኙ። እዚህ ላይ የተቆጠረው ሞት ሁሉ ነው፤ በልብም በካንሰርም በመኪና አደጋም የሞተው። «ከልብ ተርፈው በሌላ ይሞታሉ» የሚለው ስጋት እዚያ ላይ ክፉኛ ተመታ። ኤልዲኤላቸው ግን ከ188 ወርዶ 120 አካባቢ ነበር የደረሰው፤ ዛሬ ቢሆን «ገና ነው» የሚባልበት ቁጥር።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ የደረጃ መውረድ ነው። በ2004 ሃርት አታክን በመሰለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የገቡ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወደ 62 የወረዱት 95 ላይ ከቀሩት በልጠው ተገኙ። በ2015 ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ መድኃኒት በስታቲን ላይ ታክሎ፣ 54 ላይ የደረሱት 70 አካባቢ ከቀሩት ተሻሉ። ልዩነቱ በየደረጃው እያነሰ ይመጣል፤ ነገር ግን አቅጣጫው አንድም ጊዜ አልተገለበጠም። በእያንዳንዱ ደረጃ «ከዚህ በታች ጉዳት ይጀምራል» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ወለላቸውን ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው።

14

ታዲያ ከ50 በታች ሲኬድስ? እዚህ ላይ ታሪኩ ከመድኃኒት ወጥቶ ወደ ዘር ይገባል።

በ2003 በፓሪስና በሞንትሪያል ያሉ ተመራማሪዎች፣ ፒሲኤስኬ 9 የተባለ ፕሮቲን በጣም ሲበረታ ኮሌስትሮልን ከፍ እንደሚያደርግ፣ በፈረንሣይ ቤተሰቦች ላይ አገኙ። ይህ ፕሮቲን የብራውንና የጎልድስታይንን በር የሚያፈርስ አፍራሽ ነው። ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን፣ እዚያው ዳላስ ተቀምጠው፣ ጥያቄውን ገለበጡት። አፍራሹ ሰነፍ የሆነባቸው ሰዎችስ ይኖሩ ይሆን?

ነበሩ። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከ100 ሰዎች ሁለት ያህሉ፣ ከአንድ ወላጃቸው የተሰበረ የፒሲኤስኬ 9 ጂን ወርሰው ተገኙ። ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያንሳል። የልብ ሕመማቸውስ? በ28 በመቶ አይደለም የቀነሰው፤ በ88 በመቶ ነው። ምክንያቱም እነሱ ዝቅ ያለውን ኤልዲኤል ይዘው የኖሩት ለአምስት ዓመት አይደለም፣ ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ነው።

ከዚያም በ2006 ከሁለቱም ወላጆቿ የተሰበረ ጂን የወረሰች አንዲት የ32 ዓመት ሴት ተገኘች። ደሟ ውስጥ ፒሲኤስኬ 9 የሚባል ነገር የለም። ኤልዲኤሏ 14 ነበር። አዎ፣ አሥራ አራት! ሴትየዋ ጤነኛ ናት፣ ኮሌጅ ጨርሳለች፣ ወልዳለች፣ የኤሮቢክስ አሠልጣኝም ናት። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ በዚምባብዌ፣ ለእርግዝና ክትትል ከመጡ ሴቶች መካከል፣ ኤልዲኤሏ 15 የሆነ የ21 ዓመት ወጣት ተገኘች። እሷም ጤነኛ ነበረች። ሆርሞን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው፤ ልጅ መፀነስም ሆርሞን ይፈልጋል። ሁለቱ ሴቶች የ1986ቱን ሒሳብ በአካል ይዘው የቆሙ ያህል ነበር።

ሁለት ሴቶች ሁለት ናቸው፤ በሁለት ሰው ሕግ አይወጣም። ግን አፍራሹን ፕሮቲን የሚያስር በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ለመሥራት ድፍረት ሰጡ። በ2017 የአንዱ መድኃኒት፣ የኢቮሎኩማብ፣ ትልቅ ጥናት ወጣ። ስታቲን እየወሰዱ ያሉ 27,564 የልብና የደም ሥር ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል። በመርፌው ኤልዲኤላቸው ከ92 ወደ 30 ወረደ። በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ ሃርት አታክ፣ ስትሮክ ወይም ተመሳሳይ አደጋ የደረሰባቸው፣ መርፌውን ካልወሰዱ 1000 ሰዎች 113፣ ከወሰዱ 1000 ደግሞ 98 ነበሩ። ከ1000 ሰው 15 ማለት ነው ልዩነቱ። የሚናቅ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። በዚያ አጭር ጊዜ የሞት ቁጥር አልቀነሰም ነበር። ከፊሎቹን እስከ ስምንት ዓመት ድረስ ሲከታተሏቸው ግን፣ ከመጀመሪያው መርፌውን ያገኙት በልብና በደም ሥር ሕመም መሞታቸው ቀንሶ ታየ።

ለእኛ ጥያቄ ወሳኙ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ከእነዚህ ሰዎች 2669 የሚሆኑት ኤልዲኤላቸው ከ20 በታች ወርዶ ነበር። አደጋቸው ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ ጎልቶ የወጣ አዲስ ጉዳትም አልታየባቸውም። ማስታወስና ማሰብ ይጎዳል የተባለውም በ1204 ሰዎች ላይ በኮምፒውተር ፈተና ለ19 ወር ያህል ተለክቶ ልዩነት አልተገኘም።

ዜሮ የሆኑት ልጆች

«እንግዲያው ዜሮ ቢሆንስ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መልሱ ከ1950 ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ባሰንና ኮርንዝዋይግ የተባሉ ሐኪሞች አንድ ብርቅ በሽታ ጻፉ። በሽታው ያለባቸው ሰዎች ደማቸው ውስጥ ኤልዲኤል የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ቅባት ያለው ምግብ አይስማማቸውም፣ ያስቀምጣቸዋል፤ እያደጉ ሲሄዱ እግራቸው ይዝላል፣ ሚዛን ይስታሉ፣ ዓይናቸው ይደክማል።

አያችሁ፣ ወለል አለ! ለማለት ያስቸኩላል። ግን እነዚህ ልጆች የጎደላቸው ኤልዲኤል ብቻ አይደለም። ጉበታቸውና አንጀታቸው ቅባትን የሚጭን መኪና መገጣጠም አይችሉም። ቅባት ከአንጀት ካልተጫነ ደግሞ ቫይታሚን ኢም ቫይታሚን ኤም አብሮ ይቀራል። ነርቩንና ዓይኑን በዋናነት የሚጎዳው ያ ነው፤ ለዚህም ነው ቫይታሚን ኢ በብዙ መጠን በልጅነት ሲጀመርላቸው ጉዳቱ በእጅጉ የሚገታው። በዳላሷ ሴት ላይ ግን መኪናው በደንብ ይገጣጠማል፣ ጭነቱን ያደርሳል፣ ከዚያ ቶሎ ከመንገድ ይነሣል። ስታቲንም ሆነ መርፌው የሚሠሩት በዚህኛው መንገድ ነው፤ በሩን ያበዛሉ።

ለዚህ ነው «በየትኛው መንገድ ወርዶ?» የሚለው ጥያቄ የሚቀድመው። ፋብሪካው ተቃጥሎ 14 መሆንና በሩ በዝቶ 14 መሆን አንድ ቁጥር እንጂ አንድ ነገር አይደሉም።

ስትሮክ ላይ ሲደረስ

ወደ አንጎሉ እንመለስ፤ ቃል ገብተናል። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣና የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚመጣ። በ2006 ስትሮክ ወይም አላፊ ስትሮክ በደረሰባቸው 4731 ሰዎች ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው አቶርቫስታቲን ተሞከረ። በመዘጋት የሚመጣው ስትሮክ ከ274 ወደ 218 ቀነሰ። በመፍሰስ የሚመጣው ግን ከ33 ወደ 55 ጨመረ። ሲደመር ትርፉ ይበልጣል፤ ነገር ግን 22 ሰው ቀልድ አይደለም። መፍሰሱ የበዛው ቀድሞም ደም የፈሰሰባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ነበር፤ የሚገርመው፣ ኤልዲኤላቸው ምን ያህል እንደወረደ ከመፍሰሱ ጋር አልተያያዘም።

በ2020 ደግሞ ፈረንሣይና ደቡብ ኮርያ ውስጥ 2860 የመዘጋት ስትሮክ ሕመምተኞች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ከ70 በታች፣ ሌላው ከ90 እስከ 110 እንዲሆን ተደረገ። ከፍተኛ አደጋ የደረሰባቸው 8.5 በመቶ በዝቅተኛው፣ 10.9 በመቶ በከፍተኛው ቡድን ነበሩ። ደም የፈሰሰባቸው 18 እና 13፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊሆን የሚችል ነው። በመርፌው ጥናትም መፍሰስ ጎልቶ አልጨመረም።

እንግዲህ በመዘጋት ስትሮክ ለተመታ ሰው ዝቅ ማድረጉ ያዋጣል። ቀድሞ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ግን ሌላ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ ለእሱ «የባሰ ዝቅ ይበል» ተብሎ በጅምላ አይታዘዝም። አገራችን ውስጥ በሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች የመፍሰስ ስትሮክ ድርሻ ከምዕራቡ ዓለም ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ስለዚህ እኛ ዘንድ «ስትሮክ ነበረብኝ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው?» መሆን አለበት፤ ይህን ደግሞ የሚለየው የአንጎል ሲቲ ስካን ነው። ከኤልዲኤሉ ጎን ለጎን ደም ግፊቱን መቆጣጠር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ወረቀቱን ስናነብ

መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ሰው ጋ እንመለስና ሒሳቡን እንሥራ። ሲታመም 130 ነበር። ጠንከር ያለ መጠን ስታቲን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል፤ 65። መጠኑን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 6 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ኢዜቲማይብ ያክላል፤ ይህ ከቀሪው አንድ አምስተኛውን ያወርዳል፤ 52። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች በ2019 ለእንዲህ ዓይነት ሰው ያስቀመጡት ግብ ከ55 በታች ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ አደጋ ለደረሰበት ደግሞ ከ40 በታች ሊታሰብ ይችላል ብለዋል። ከብዙ ጥናቶች እንደተሰላው፣ ኤልዲኤል በ39 በቀነሰ ቁጥር ትልልቅ አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳሉ። የእኛ ሰው በ78 ቀንሷል፤ ሁለት ጊዜ 39 ማለት ነው። እሱን ከመሰሉ 100 ሰዎች 30ዎቹ ሊታመሙ ነበር ብንል፣ ወደ 18 ወይም 19 ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ያለ ውዱ መርፌ ነው፤ በክኒን ብቻ።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛ፣ ብዙ ላብራቶሪ ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለካም፤ ያሰላል። ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን፣ ከዚያም ትራይግሊሰራይድን ለ5 አካፍሎ ይቀንሳል። ጠቅላላው 110፣ ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ 200 ቢሆን፣ 110 ሲቀነስ 40 ሲቀነስ 40 ውጤቱ 30 ይሆናል። ይህ በ1972 የወጣ ቀመር ትራይግሊሰራይድ ከፍ ብሎ ኤልዲኤል ዝቅ ሲል ስለሚሳሳት፣ እውነተኛው ቁጥር ከ30 በላይ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ወረቀት «ከመጠን በላይ ወረደ» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ በሌለ ነገር መደንገጥ ነው። መድኃኒቱ የራሱ ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ስታቲን ጡንቻ ሊያሳምም ይችላል፣ 255 ሰዎች ለአራት ዓመት ሲወስዱትም አንድ ተጨማሪ የስኳር ሕመምተኛ ይገኛል። ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ የዝቅተኛው ቁጥር ጥፋት መሆኑ አልታየም፣ በመርፌው ጥናት የስኳር ሕመም አልጨመረምና።

ሁለተኛ፣ ምንም መድኃኒት ሳይወስድ ኤልዲኤሉ ድንገት 40 የሆነ ሰው ደስ አይበለው። ታይሮይዱ፣ ጉበቱ፣ አንጀቱ፣ ክብደቱ ይታይለት፤ ያ ቁጥር የሆነ ነገር እየነገረው ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት 40 የሆነው ሃርት አታክ የነበረበት ሰው ግን መድኃኒቱን ይቀጥል። እስካሁን 20 አካባቢ ድረስ ተወርዶ ወለሉ አልተነካም፤ በዚያ ቁጥር ላይ 30 ዓመት የኖሩ ብዙ ሕመምተኞች ደግሞ ገና የሉም፤ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ ራሱ ያን ያህል አልሆነውማ!